ለባለቤቴ የጻፍኩትን የይቅርታ ደብዳቤና የመክፈያ ዕቅድ ከመስጠቴ በፊት እዩልኝ

ዘሳቢያን (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሲሆን በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። በአምስት ዓመት ያጠራቀምነው 150,000 ብር በእኔ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ውስጥ ነበር፤ የታሰበውም አከራያችን ሊሰጠን በተስማማው የመንገድ ዳር ክፍል ፍሪጅ አስገብታ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ እንድትሸጥበት ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ከዚህ ገንዘብ 138,000 ብሩን በቴሌግራም ለተዋወቅኳቸው ሰዎች ልኬ አስበላሁት።

በጥር ወር ባለቤቴ የፍሪጅ ዋጋ ጠይቃ መጥታ «ገንዘቡን አውጣ» ስትለኝ ለመናገር ተገደድኩ። የመጀመሪያ ቀን የጠፋው 40,000 ነው አልኳት። በሦስተኛው ቀን 100,000 ነው አልኳት። ሙሉውን የነገርኳት በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ልጆቹ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ገንዘቡ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከእንግዲህ በአፍህ አትንገረኝ፤ ጽፈህ ስጠኝ።» እነሆ ጽፌያለሁ። የምታውቁ አንብቡልኝና የጎደለውን ንገሩኝ።

> ይድረስ ለምወድሽ የልጆቼ እናት፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ?
>
> ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በከፍተኛ ጸጸት ውስጥ ሆኜ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባላሰብነው መንገድ ገንዘባችን ጠፍቶብናል። ሰዎቹ እጅግ የተካኑ አታላዮች ስለነበሩ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ተታልለውባቸዋል። እኔም ለአንቺና ለልጆቼ የተሻለ ኑሮ ለማምጣት ካለኝ ጉጉት የተነሣ በወጥመዳቸው ውስጥ ወድቄያለሁ።
>
> የጠፋብን ጠቅላላ ገንዘብ 134,000 ብር ነው። ከላክሁት 138,000 ላይ 4,000 ብር ተመልሶልኝ በእሱ ማራገቢያ ገዝቼ ቤት አስገብቻለሁና ያን ቀንሼዋለሁ። ይህንንም ገንዘብ ከደመወዜ ላይ በየወሩ 6,000 ብር እያስቀመጥኩ ሃያ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ በእግዚአብሔር ስም ቃል እገባልሻለሁ።
>
> ያለፈውን ረስተን በአዲስ ልብ እንድንጀምር እለምንሻለሁ። ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጨረሻ ሰዓት ለእነዚሁ ሰዎች ለመላክ ከሥራ ባልደረባዬ የተበደርኩት 20,000 ብር አለ። እስከ ፋሲካ እመልሳለሁ ብዬዋለሁ። ይህን ደብዳቤው ውስጥ ያላስገባሁት በላይ በላዩ እንዳይሆንባት ብዬ ነው፤ እሱን በራሴ እወጣዋለሁ።

አባ መዝገብ

ወንድሜ፣ በድሬዳዋ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ፣ ብር አጥፍተው ይቅርታ የሚጽፉ ሰዎችን ደብዳቤ ብዙ አንብቤያለሁ። ያንተን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከሁሉ በፊት የምልህ ስለ ግሦቹ ነው።

«ገንዘባችን ጠፍቶብናል» ብለሃል። አስተውለው፤ «ብናል» ስትል ሚስትህም አጥፊ ሆነች፣ አንተም ተጎጂ ሆንክ። ብሩ ከኪስ ወድቆ አልጠፋም። አንተ ስልክህን ይዘህ፣ የምሥጢር ቁጥርህን አስገብተህ፣ ቁጥሩን ጽፈህ ልከኸዋል። «ጠፋብን» የሚለውን ሁሉ ሰርዘህ «ላክሁ»፣ «ደበቅሁ»፣ «ዋሸሁ» በል። ሰዎቹ የተካኑ መሆናቸውም ሆነ ሌሎች የተማሩ ሰዎች መታለላቸው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እሷ የጠየቀችህ ስለ እነሱ አይደለምና።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር ነግረሃታል። ጽፈህ ስጠኝ ያለችህም ለዚህ ነው፤ በጽሑፍ ያለ ቁጥር አይለዋወጥም ብላ። አንተ ግን 20,000 ብር የደበቀ ወረቀት ልትሰጣት ነው። ያ ባልደረባህ ፋሲካ ሲደርስ ቤት ድረስ ቢመጣ አራተኛው ቁጥር ይሆናል፤ ይኼኛው ደግሞ በፊርማህ የተሰጠ ነው። ለማንኛውም ገንዘቡ መቼ፣ ስንት ስንት ሆኖ እንደወጣ በቅደም ተከተል ጻፍልን። የቤታችሁንም የወር ገቢና ወጪ ጨምር። 6,000 ያልከው ከየት እንደሚመጣ አልታየኝም።

ከዚራ ጥላ

በጣም ያሳዝናል ወንድሜ። ግን ለምን ተስፋ ትቆርጣለህ? ገንዘብህን ማስመለስ ትችላለህ እኮ። እኔም ባለፈው ዓመት 30,000 ብር በተመሳሳይ መንገድ ሄዶብኝ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም አንድ ባለሙያ አግኝቼ ሒሳባቸውን እየተከታተለልኝ ነው። የሚጠይቀው ቅድሚያ 10 በመቶ ብቻ ሲሆን ሥራው ሲጠናቀቅ ሙሉው ይመለሳል ብሎኛል። ከፈለግህ አገናኝሃለሁ።

ነገረ ፈጅ

ከዚራ ጥላ፣ እባክዎን ለዚያ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ አይላኩ። የተታለሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር በእነዚሁ ሰዎች እጅ ይቀራል፤ «አስመልስልሃለሁ» ባይ ሆኖ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ያው ሰው ወይም ዝርዝሩን ከእሱ የገዛ ነው። ምልክቱ ያው አንድ ነው፤ ገንዘብዎን ለማግኘት መጀመሪያ ገንዘብ ይልካሉ። ደግሞም ወንድማችን የጠየቀው ስለ ማስመለስ አይደለም፤ ለሚስቱ ስለሚሰጠው ጽሑፍ ነው።

ለዘሳቢያን ግን አንድ ነገር ላሳስብዎት። ቢዘገይም እንኳ የቴሌብር ማረጋገጫ መልእክቶቹን ከነቁጥራቸው፣ የቴሌግራሙንም ንግግር ሳያጠፉ አትመው ይያዙና ለፖሊስ አቤቱታ ያቅርቡ። ከአራት ወር በኋላ ገንዘቡ ይገኛል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። ነገር ግን አቤቱታው የቀረበበት ወረቀት ለባለቤትዎ ከማንኛውም መሐላ ይበልጣል፤ የነገሯት ታሪክ ከእርስዎ አፍ ውጭ በሌላ ቦታም ተጽፎ ታየዋለችና።

ዘሳቢያን

አባ መዝገብ፣ የጠየቁኝን እነሆ። ስጽፈው እጄ ከብዶኛል።

መጀመሪያ ቪዲዮ ወድጄ ምስሉን ወደ ቡድኑ መላክ ነበር ሥራው። ለዚህ ጥቂት ብር ከፈሉኝ። ቀጥሎ «ደረጃ ለማሳደግ» 2,000 ብር አስገባሁ፤ በማግስቱ 2,400 ሆኖ በቴሌብሬ ገባልኝ። በሳምንቱ 10,000 ላክሁና ከዚያ ላይ 1,600 እንዳወጣ ፈቀዱልኝ። ማራገቢያውን የገዛሁት በእነዚህ በሁለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሲያድግ አያለሁ እንጂ አንድም ብር አልወጣልኝም። 40,000 ላክሁ፣ ከዚያ 60,000። ልውጣ ስል «ሒሳብህ ታግዷል፤ ለማስለቀቅ ግብር ክፈል» ተባልኩና 26,000 ላክሁ። በመጨረሻ «ማንነት ማረጋገጫ» ብለው 20,000 ሲጠይቁኝ ከባልደረባዬ ተበደርኩ። እሱን በላክሁ ሌሊት ቡድኑ ተዘጋ።

አሁን መልእክቶቹን ሳይ አንድ ነገር አየሁ። የላክሁት ሁሉ የገባው በድርጅት ስም ሳይሆን በግለሰብ ስም ነው፤ ስሙም በየጊዜው የተለያየ ነው። «ግብር» ያልኩትን እንኳ የላክሁት ለአንድ ሰው የግል ስልክ ነበር። ማረጋገጫው ላይ ስሙ ተጽፎ እያየሁ አለፍኩት።

የወር ገቢያችን፤ እጄ ላይ የሚደርሰኝ ደመወዝ 13,200 ብር ሲሆን እሷ ከስፌት በአማካይ 5,000 ታገኛለች። የቤት ኪራይ 4,000፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራትና የቀረው ሁሉ 11,500 ይሆናል።

አባ መዝገብ

እንግዲህ አብረን እንደምር። ገቢያችሁ 18,200 ነው፤ ወጪያችሁ 15,500። የሚተርፋችሁ 2,700 ብር ነው። አንተ በየወሩ 6,000 አስቀምጣለሁ ብለሃል። የጎደለው 3,300 ከየት ይመጣል? ከዘይቱ፣ ከልጆቹ ደብተር፣ ወይም ከእሷ ስፌት ነው የሚመጣው፤ ሌላ ቦታ የለውም። በሦስተኛው ወር ቃልህ ይፈርሳል፤ ያኔ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

ይህ ግን የላይ የላዩ ነው። ዋናውን ላሳይህ። ያ የሚተርፈው 2,700ም ቢሆን የመክፈያ ገንዘብ አይደለም። ይህ ነገር ባይደርስ ኖሮ በዚህ ወርም 2,700 ታጠራቅሙ ነበር፤ ያንኑ አንሥተህ «መለስኩልሽ» ብትላት የራሷን ገንዘብ ለራሷ መስጠትህ ነው። ደመወዝህ ከቤት የሚገባ የጋራ ገንዘብ ነው፤ ከጋራ ማሰሮ ቀድቶ ወደ ጋራ ማሰሮ መመለስ መክፈል አይባልም። መክፈል የሚባለው ያ የቤት ቁጠባ እንዳለ ቀጥሎ፣ ከእሱ ውጭ አንተ ብቻ የተውከው ወይም አንተ ብቻ ተጨማሪ ደክመህ ያመጣኸው ብር ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ እጠይቅሃለሁ፤ እዚህ መመለስ ካልፈለግህ ለራስህ መልስ። ለራስህ ብቻ በወር የምታወጣው ስንት ነው? ከፋብሪካው ውጭ በእጅህ ሙያ ምን ልታመጣ ትችላለህ? ማራገቢያና የውኃ ፓምፕ ለሚጠግን ሰው ድሬዳዋ ሥራ አታጣም።

የለገሃር ልጅ

አባ መዝገብ ጥሩ ብለዋል፣ ነገር ግን አራት ዓመት እየተንጠባጠበ የሚመለስ ገንዘብ ለሴትዮዋ ምን ያደርግላታል? እኔ የምመክረው እቁብ ነው። በሳምንት 1,500 ብር የሚጣልበት፣ መቶ ሰው ያለበት እቁብ ግባና ዕጣ ከደረሰው ሰው በቅናሽ ገዝተህ 150,000 ብሩን አንድ ጊዜ አንሣ። ፍሪጁ ይገዛል፣ የባልደረባህም ዕዳ ይከፈላል፣ ቤቱም ሰላም ያገኛል። ከዚያ በኋላ እቁቡን ቀስ እያልክ ትጥላለህ። ስምምነታችሁን ደግሞ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ወስደህ አስመዝግበው፤ ያኔ በሕግ የጸና ውል ይሆናል፤ እሷም ትተማመናለች።

ነገረ ፈጅ

የእቁቡን ስሌት ለአባ መዝገብ ትቼ ስለ ውሉ ልናገር። አንድ ባል ለሚስቱ ቃሉን በጽሑፍ ማስቀመጡ መልካም ነው። ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በዚህም ሕግ አንቀጽ 73 መሠረት በጋብቻ ላይ ያሉ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በቀር ውጤት የለውም። ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገቡ ብቻውን የታሰበውን ኃይል አይሰጠውም፤ ሳታውቅ ብትተማመንበት ደግሞ ሌላ ማታለል ይሆናል። ወደ ፍርድ ቤት ልትሄዱ ከፈለጋችሁ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካልፈለጋችሁ ደብዳቤው የክብር ቃል መሆኑን ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። የባልደረባዎ 20,000 ብር ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። «በራሴ እወጣዋለሁ» ያሉት ዕዳ ቤቱን የሚነካ ነገር ነውና ባለቤትዎ ማወቅ የሚገባት ከርኅራኄ ብቻ የተነሣ አይደለም። የለገሃር ልጅ የመከሩት እቁብም ያው ነው፤ አስቀድሞ የተነሣ ዕጣ ሌላ ዕዳ ነው፤ የእቁቡ ዳኛም ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የምትሆነው ማን ናት?

አባ መዝገብ

ስሌቱ አጭር ነው። በሳምንት 1,500 ማለት በወር 6,000 ነው። የሌለ 6,000 ብር በደብዳቤው ላይም የለም፣ በእቁቡም ላይ የለም። በዚያ ላይ እቁብ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ይጣላል፤ ልጅ ታመመ፣ ሥራ ቀዘቀዘ ተብሎ አይታለፍም።

የለገሃር ልጅ

ስለ ውሉ ያላወቅኩትን ስላስተማሩኝ ነገረ ፈጅን አመሰግናለሁ። እቁቡን ግን አልተውኩትም፤ በግማሽ ዕጣ የሚገባበትም አለ። ሌላው ይቅርና ደብዳቤ ብቻውን በእኛ አገር ይቅርታ አይሆንም። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ የንስሐ አባት ልኮ በወግ ይጠይቃት።

የሸዋ በሯ

ከሐረር ነው የምጽፈው። በዚህ ክር ላይ ያላችሁት ሁላችሁም ወንዶች ትመስሉኛላችሁ፤ ስለዚህ ከወዲያ በኩል ያለችውን ሴት ልናገርላችሁ።

የእኔ ባል ገንዘባችንን ያጠፋው በኳስ ውርርድ ነው። እሱም ሽማግሌ ላከብኝ። የተከበሩ ሰዎች ቤቴ መጥተው ሲቀመጡ «አይሆንም» የማለት መብቴን ወሰዱብኝ። ቡና አፈላሁ፣ እሺ አልኩ፣ በልቤ ግን አንድም ነገር አልተነቀነቀም። ይህች ሴት ጽፈህ ስጠኝ ብላለች። የጠየቀችውን ስጧት። ሽማግሌ ካስፈለጋት ራሷ ትጠራለች።

ሁለተኛ፣ የእኔ ባል ስልኩን፣ የምሥጢር ቁጥሩን፣ ሁሉንም ለእኔ ሰጠኝ። ለጊዜው ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሌሊት ተነሥቼ የእሱን ስልክ የምፈትሽ ዘበኛ ሆንኩ። እሱ በሰላም ይተኛል፤ እኔ መልእክት እቆጥራለሁ። ዘሳቢያን፣ «ስልኬን ውሰጂ» የሚል መስመር አትጨምርበት። ከዚያ ይልቅ አንተ ራስህ በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ሳትጠየቅ፣ ወረቀቱን አቅርብላት።

ሦስተኛውን በራሴ ላይ ስለደረሰ እናገረዋለሁ። ባሌ የወሰደብኝን ብር ከዓመት በላይ ፈጅቶ በቁጥር መለሰልኝ፤ አልዋሸም። ነገር ግን ልገዛበት የነበረው የስፌት መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋጋው ጨምሮ ስለነበር በተመለሰው ብር አልተገዛም። እሱ ጨርሻለሁ አለ፤ እኔ ግን መኪናው አልነበረኝም። ያንተ ሚስት የምትፈልገው 138,000 ብር አይደለም፤ ፍሪጅ ነው። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕቅዱ በብር ሳይሆን በፍሪጁ ይጻፍ፤ ወይም በወርቅ ግራም።

አባ መዝገብ

እህቴ ያነሡት ነገር ልክ ነው፤ እኔም በመዝገብ ስላየሁት አልከራከርም። በወርቅ መጻፉን ግን እፈራለሁ። ወርቅ ቢወደድ የየወሩ ክፍያ ወደኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ በየወሩ እየከፈለ ዕዳው የሚያድግበት ሰው ይተዋል። የሚሻለው ምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ብሩ በብር ይጻፍና «ፍሪጁ እስኪገዛ አላቆምም» የሚል መስመር ይጨመርበት።

የሸዋ በሯ

እርስዎ ስለሚተወው ሰው ይጨነቃሉ፤ እኔ ስለምትጠብቀው። ሁለቱንም የሚያስማማ ካገኛችሁ ጻፉልን።

ዘሳቢያን

አሥር ቀን ጠፍቼ ነበር። ያላችሁኝን ይዤ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መጀመሪያ ግን የሠራሁትን ልንገራችሁ። መልእክቶቹን ሁሉ አሳትሜ ለፖሊስ አቤቱታ አቀረብኩ፤ ቅጂውንም ያዝኩ። ወደ ባልደረባዬ ሄጄ ለፋሲካ ሙሉውን እንደማልችል ነገርኩት። ከዚያም ስልኬን በ9,500 ብር ሸጬ እዚያው ሰጠሁት፤ የቀረውን 10,500 በሦስት ወር ሊቀበለኝ ተስማማ። አሁን የያዝኩት በቁልፍ የሚሠራ ስልክ ነው፤ የጥገና ደንበኞቼ የሚልኩልኝን ብር `*127#` ደውዬ አየዋለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

አባ መዝገብ የጠየቁኝን ሁለት ጥያቄም መለስኩ። ከሰዓት በኋላ ለበርጫ በወር 2,000 ብር ያህል አወጣ ነበር፤ ቁጥሩን ከዚህ በፊት ደምሬው አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ማራገቢያና ፓምፕ ስጠግን በሙቀቱ ወራት ጥሩ አገኛለሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቀዝቃዛው ወር እንኳ የማላጣውን 1,500 ብቻ ቆጠርኩ። ደብዳቤው ይኸው፤

> ይድረስ ለልጆቼ እናት፤
>
> በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ከጋራ ቁጠባችን 138,000 ብር ከአንቺ ደብቄ አውጥቼ ለማላውቃቸው ሰዎች ላክሁ። የላክሁበት ቀንና መጠን ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ወረቀት ላይ አለ፤ የቴሌብሩ መልእክቶችም አብረው አሉ፤ አንድ በአንድ ማመሳከር ትችያለሽ። ከዚህ ሌላ ሳልነግርሽ ከሥራ ባልደረባዬ 20,000 ብር ተበድሬ እሱንም ላክሁ። ከዚህ ውጭ ሌላ ዕዳ የለብኝም።
>
> በጥር ወር ስትጠይቂኝ ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ። ገንዘቡን ከመላኬ ይልቅ ይህ እንደጎዳሽ አውቃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት በመብራት እየሰፋሽ ያመጣሽው ብር ከዚያ ውስጥ ነበር፤ እኔ ስልክ እያየሁ ስቀመጥ የመኪናሽን ድምፅ እሰማ ነበር፤ አላቆምኩም። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚህ ነው።
>
> ከደመወዜ የሚገባው ሁሉ እንደ ወትሮው ለቤቱ ይገባል፤ የምናጠራቅመው 2,700 ብርም እንዳለ ይቀጥላል፤ እሱን ከመክፈያው አልቆጥረውም። የምከፍለው ከተውኩት በርጫ 2,000፣ ከጥገና ሥራ ቢያንስ 1,500፣ በድምሩ በወር 3,500 ብር ነው። ከጥገና ተጨማሪ ባገኘሁበት ወር ተጨማሪውም ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለባልደረባዬ ቀሪ ዕዳ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው 134,000 ብር በዚህ መጠን ሠላሳ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ያጠረ ቁጥር ጽፌ ላስደስትሽ አልፈለግኩም።
>
> ገንዘቡ የሚገባው በሁለታችን ስም በሚከፈት፣ ያለ ሁለታችን ፊርማ በማይወጣበት፣ ከስልክ ጋር ባልተያያዘ ደብተር ነው። በየወሩ ደመወዝ በገባ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አምጥቼ ከመኪናሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ያላስገባሁበት ወር ካለ በዚያው ቀን ምክንያቱን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ቁጥሩ ቢሞላም ፍሪጁ ካልተገዛ አላቆምም።
>
> ይህ በፍርድ ቤት የጸደቀ ውል ስላልሆነ በሕግ ልታስገድጂኝበት አትችዪም፤ እንዲጸድቅ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ። መልስ በዚህ ቀን ስጪኝ አልልሽም።

አባ መዝገብ

ይኼ ደብዳቤ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ያንን 4,000 አሁንም ቀንሰኸዋል። ስጣት፤ ግን ታየዋለች።

የሸዋ በሯ

የስፌት መኪናዋን ድምፅ የጻፍክበትን ቦታ አትንካው። የሰጠሃት ዕለት ምን እንዳለች ንገረን፤ ዝም ካለችም ዝም አለች በለን።

ከዚራ ጥላ

ለዚያ ሰው ልልክ ያዘጋጀሁትን 3,000 ብር አልላክሁም። ባለቤቴ ግን ስለ 30,000ው እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔም ወረቀት ላወጣ ነው።

ዘሳቢያን

ትናንት ማታ ሰጠኋት። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ እሷ ጨርቅ ላይ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ ይዛ ነበርና ወረቀቱን ተቀብላ መኪናዋ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ሁለተኛውን ወረቀት፣ የቀኖቹን ዝርዝር፣ ከደብዳቤው ይልቅ ረጅም ጊዜ አየችው። 20,000 ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

ከዚያ በጠመኔው 134,000ን ከበበችና «ይኼ ከየት መጣ?» አለችኝ። ስለ ማራገቢያው ነገርኳት። ማራገቢያው ልጆቹ ራስጌ እየዞረ ነበር። «ማራገቢያ አላዘዝኩህም» አለች፤ ቁጥሩን ሰርዛ 138,000 ብላ ጻፈችበት። ሠላሳ ዘጠኙንም በጣቷ ቆጥራ አርባ አደረገችው። ልሽጠው ወይ ስላት «ሚያዝያ እየመጣ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው? ይቀመጥ» አለችኝ።

ፍርድ ቤት ስለ ማጸደቁ መልስ አልሰጠችኝም። ደብዳቤውን አጥፋ ክርና መርፌ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ባንክ የምንሄድበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሐሙስ አልኳት።